ኪቶ ላይ ሆኜ ኤልዲኤሌ ከ112 ወደ 286 ወጣ፤ ሌላው ውጤት ሁሉ ጥሩ ነው

ማለዳ_ሯጭ

ሰላም ለሁላችሁ። 36 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ78፣ ክብደቴ 68 ኪሎ። በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ። ኪቶ ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኛል፤ ካርቦሃይድሬቴ በቀን ከ20 እስከ 25 ግራም ነው። ሦስት ኪሎ ቀንሼ ላለፉት ሁለት ወራት ክብደቴ እዚያው ቆሟል።

ከመጀመሬ በፊት ጠቅላላ ኮሌስትሮሌ 188፣ ኤችዲኤል 58፣ ትራይግሊሰራይድ 90፣ ኤልዲኤል 112 ነበር። አሁን ጠቅላላው 390፣ ኤችዲኤል 92፣ ትራይግሊሰራይድ 60፣ ኤልዲኤል 286 ሆኗል። ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው።

የዕለት ምግቤ በግምት ይኸው፦ ቅቤ 60 ግራም (ግማሹ ቡና ውስጥ ነው የሚገባው)፣ የኮኮናት ዘይት 30 ግራም፣ ወፍራም ክሬም 100 ግራም፣ አይብ 80 ግራም፣ አራት እንቁላል፣ ስብ ያለው ሥጋ፣ ቅጠላ ቅጠል። በጠቅላላው 2,400 ካሎሪ አካባቢ ነው።

ጥያቄዬ፦ ትራይግሊሰራይድና ኤችዲኤል እንዲህ ተሻሽለው ኤልዲኤል ብቻውን ለምን ዘለለ? ልጨነቅ ወይስ ልተወው? ያየኝ ሐኪም “ኪቶውን አቁም” ብሎ ሸኘኝ፤ ምክንያቱን ግን አላብራራልኝም።

---

ቅቤ_ወዳጅ

ወንድሜ አትጨነቅ። ኤልዲኤል ሁለት ዓይነት ነው፤ ትንንሹና ጥቅጥቁ ነው መጥፎው። ትራይግሊሰራይድህ 60፣ ኤችዲኤልህ 92 ከሆነ ያንተ ትልልቁና ለስላሳው ነው ማለት ነው። ትራይግሊሰራይድ ለኤችዲኤል ሲካፈል ከ2 በታች ከሆነ በቂ ነው፤ ያንተ 1 እንኳ አይሞላም። ብዙ ሐኪሞች የሚያዩት አንዱን ቁጥር ብቻ ነው።

---

የላብራቶሪ_ሰው

ስለ ትርጉሙ ከመከራከራችን በፊት ቁጥሩ ራሱ ይጣራ። ማለዳ ሯጭ፣ ሦስት ነገር ንገረን። ደም ከመስጠትህ በፊት ስንት ሰዓት ጾምክ? በዚያ ሳምንት ታመህ ነበር? ከዋዜማው ወይም ጠዋቱን ሮጠሃል?

ይህን የምጠይቀው የአንድ ቀን ውጤት በራሱ ስለሚወዛወዝ ነው። በአንድ ሰው ላይ፣ በምግቡ ምንም ሳይለወጥ፣ ኤልዲኤል ከሳምንት ሳምንት ይዋዥቃል። የማሽኑ የራሱ ስህተትም ይጨመርበታል። ስለዚህ በሁለት ውጤቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ20 ወይም ከ25 በመቶ በታች ከሆነ “ወጣ” ወይም “ወረደ” ብሎ መደምደም ያስቸግራል። ከ112 ወደ 286 ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነው፤ ያ እውነተኛ ለውጥ ነው። ለወደፊት ግን ከ286 ወደ 260 ቢወርድ አትደሰት፣ ወደ 300 ቢወጣም አትደንግጥ።

---

ማለዳ_ሯጭ

የጾምኩት 16 ሰዓት ነው፤ እራት ቀደም ብዬ ነበር የበላሁት። አልታመምኩም። ጠዋት 8 ኪሎ ሜትር ሮጬ ነው በቀጥታ የሄድኩት።

---

የላብራቶሪ_ሰው

እንግዲያው ድገመው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጾመህ፣ ሳትሮጥ፣ በዚያው ላብራቶሪ። በኪቶ ላይ ያለ ቀጭን ሰው ጾሙ ሲረዝም ኤልዲኤሉ ከፍ ሊል ይችላል። ከዚህ በኋላም የምታደርገውን ምርመራ ሁሉ በተመሳሳይ የጾም ሰዓት አድርገው፤ አለዚያ የጾሙን ርዝመት ከምግቡ ለውጥ ጋር ትቀላቅለዋለህ።

ደሙ በተቀዳበት ቀን አፖቢ አብሮ እንዲሠራ ጠይቅ። እያንዳንዱ የኤልዲኤል ቅንጣት አንድ የአፖቢ ፕሮቲን ስለሚይዝ ቅንጣቶቹን እንደመቁጠር ነው። ለእሱ ጾም አያስፈልግም። ለቅቤ ወዳጅ ክርክርም መልሱ ያለው እዚያ ነው፤ ኤልዲኤልህ በእርግጥ ጥቂት ትልልቅ ቅንጣቶች ብቻ ከሆነ አፖቢው ያን ያህል አይወጣም። ብዙ ከሆነ ደግሞ አፖቢው አብሮ ይወጣል፤ መጠናቸው ማብራሪያ መሆኑ ይቀራል።

---

ቁጥር_ቆጣሪ

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀቱ ላይ ያለው ኤልዲኤል አብዛኛውን ጊዜ የተለካ ሳይሆን የተሰላ ነው። ከጠቅላላው ኤችዲኤልን ትቀንሳለህ፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይድን አምስተኛ ትቀንሳለህ፦ 390 ሲቀነስ 92 ሲቀነስ 12፣ ይመጣል 286። ፍሪድዋልድ የሚባለው ቀመር ነው። ትራይግሊሰራይድ በጣም ሲያንስ ቀመሩ ኤልዲኤልን አጋንኖ ያሳያል። ስለዚህ በኪቶ ላይ ያለ ሰው የሚያየው ከፍታ በከፊል የቀመር ስህተት ነው።

ሌላም አለ። ከምርመራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ካሎሪህን በስብ ከፍ አድርገህ ብላ፤ ኤልዲኤሉ ሲወርድ ታያለህ። ዴቭ ፌልድማን የተባለው ኢንጂነር በራሱ ላይ ደጋግሞ አሳይቶታል።

---

የላብራቶሪ_ሰው

የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው፤ ጥያቄው ስንት ነው የሚያጋንነው የሚለው ነው። ትራይግሊሰራይድ 60 ሲሆን አምስተኛው 12 ነው። እንደ ማርቲን ሆፕኪንስ ያሉት አዳዲስ ስሌቶች እንዲህ ባለው ዝቅተኛ ትራይግሊሰራይድ ላይ ከ5 ባነሰ ቁጥር ያካፍላሉ። ለምሳሌ በ3.5 ብታካፍለው 17 ይሆናል። ያኔ ኤልዲኤሉ 281 ነው። ከ286 ወደ 281፤ የስህተቱ ጣሪያ ይህን ያህል ነው። የ174 ጭማሪን በአምስት ነጥብ አታብራራውም። ከቀመሩ ጋር ጨርሶ መከራከር የማይፈልግ ሰው ከጠቅላላው ኤችዲኤልን ብቻ ይቀንስ፤ እዚህ 298 ይመጣል፤ ምንም ግምት የለበትም።

የሦስት ቀኑን ነገር በተመለከተ፦ ቁጥሩ እንደሚወርድ አልክድም። ግን በወር ሦስት ቀን ብቻ የሚታይ ቁጥር ለክትትል ምን ይጠቅማል? ደም ስሩ የሚያየው ሌሎቹን 27 ቀናት ነው። መለኪያ የሚጠቅመው ሁልጊዜ እንደምትኖረው ኖረህ ስትለካ ነው።

---

ጽጌ_እናት

ልጆቼ፣ እኔም ኪቶ ላይ ነኝ፤ ስድስት ወር ሆነኝ። 58 ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ፣ ስጀምር 94 ኪሎ ነበርኩ። የኔ ኤልዲኤል 131 ነበር፣ አሁን 126 ነው። ትራይግሊሰራይዱ ከ260 ወደ 140 ወርዷል። ቅቤም እበላለሁ። ይህ ልጅ በደንብ ያልያዘው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ካርቦሃይድሬት ተደብቆ እየገባበት ይሆናል። ጠበቅ አድርገህ ያዝ ልጄ።

---

ባለመነጽሩ

እናታችን፣ እርስዎ ያገኙት ውጤት ጥሩ ነው፤ ልጁ ግን ያጠፋው ነገር የለም። እንዲያውም ጠበቅ ባደረገ ቁጥር የሚብስበት ይመስለኛል። የሁለታችሁ ልዩነት የሰውነት ክብደት ነው። በ2024 የታተመ፣ ተሳታፊዎችን በዕጣ የመደቡ 41 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ነበር። ካርቦሃይድሬት በመቀነስ ምክንያት ኤልዲኤል ጎልቶ የወጣው ክብደታቸው ከቁመታቸው አንጻር ሲለካ የሚወጣው ቁጥር፣ ቢኤምአይ የሚሉት፣ ከ25 በታች በሆኑት ላይ ነው። በመካከለኞቹ ላይ የጎላ ለውጥ አልታየም፤ ከ35 በላይ በሆኑት ላይ ትንሽ ወርዷል። ማለዳ ሯጭ 21.5 ነው። ተመሳሳይ ምግብ በሁለት ሰው ላይ ተቃራኒ ነገር ያደርጋል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ያ 131 ያልዎት፣ ትራይግሊሰራይድዎ 260 በነበረበት ጊዜ የተሰላ ስለሆነ እውነተኛው ከዚያ ከፍ ይል ነበር። ትራይግሊሰራይድ ከፍ ሲል ቀመሩ ኤልዲኤልን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። የሚወስዱት የኮሌስትሮል መድኃኒት ካለ ደግሞ ውጤቱ ጥሩ ሆነ ብለው አያቋርጡት፤ ጥሩ ያደረገው እሱም ሊሆን ይችላል። የስኳር መድኃኒቱንም መጠን ሐኪምዎ ካላየው በራስዎ አይነካኩ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ማለዳ ሯጭ፣ ያንተ ሦስቱ ቁጥሮች አብረው የሚታዩበት ስም ወጥቶለታል። ያው ፌልድማን በ2017 ኤልዲኤሉ 200 እና ከዚያ በላይ፣ ኤችዲኤሉ 80 እና ከዚያ በላይ፣ ትራይግሊሰራይዱ 70 እና ከዚያ በታች የሆነውን ሰው “ቀጭን ከፍተኛ ምላሽ ሰጪ” ብሎ ሰየመው። አንተ ሦስቱንም ታሟላለህ።

የሚሰጠው ማብራሪያ እንዲህ ነው። ጉበት ግላይኮጅን ብለን የምንጠራውን የስኳር ስንቅ ሲያጣ፣ ሰውነት ነዳጁን ከስብ ያመጣል። ወፍራም ሰው ያለችግር የሚጠቀምበት ትልቅ መጋዘን አለው። ቀጭንና ብዙ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን ስቡን ከሰውነቱ እየለቀቀ ጉበቱ እንደገና ጠቅልሎ ቪኤልዲኤል በሚባል ጭነት ወደ ደም ይልከዋል። ጡንቻና የስብ ሴሎች ያን ጭነት ቶሎ ቶሎ ያራግፋሉ፤ ትራይግሊሰራይዱ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ከተራገፈው ጭነት የሚቀረው ባዶ ተሽከርካሪ ነው፤ እሱ ነው ኤልዲኤል። ከማራገፉ የሚተርፈው የላይኛው ሽፋን ደግሞ ወደ ኤችዲኤል ይሄዳል፤ ስለዚህ እሱም ከፍ ይላል። በአንድ ሂደት ሦስቱም ቁጥሮች አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

ይህ ገና መላምት ነው፤ ሁሉም የሚስማማበት አይደለም። የማይከራከርበት ሌላ ምክንያት ግን ሳህንህ ላይ አለ።

---

ማለዳ_ሯጭ

ቅቤውን ነው የምትለኝ?

---

ባለመነጽሩ

ቅቤውን፣ የኮኮናት ዘይቱን፣ ክሬሙን። በክፍል ሙቀት የሚረጋው ስብ፣ ሳቹሬትድ የሚሉት፣ ጉበት ላይ ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅሙትን ተቀባዮች ያዳክማል። ጽዳቱ ሲቀንስ ቅንጣቶቹ ደም ውስጥ ይቆያሉ፣ ቁጥሩም ይከማቻል። የኢንሱሊን ማነስም እነዚያን ተቀባዮች ሊቀንስ ይችላል።

አሁን ያንተን እንቁጠር። 60 ግራም ቅቤ ውስጥ 31 ግራም ያህል የሚረጋ ስብ አለ። 30 ግራም የኮኮናት ዘይት ውስጥ 25። በ100 ግራም ወፍራም ክሬም ውስጥ 23። በ80 ግራም አይብ ውስጥ 15። አራቱ እንቁላል 6፣ ሥጋው እንደ ስቡ 12 ብንለው፣ ድምሩ 112 ግራም ነው። ከ2,400 ካሎሪህ 42 በመቶው ነው። አብዛኞቹ መመሪያዎች ከ10 በመቶ በታች ይላሉ፤ በአንተ ካሎሪ 27 ግራም ማለት ነው። አራት እጥፍ ነህ። ብዙ ሰው ኪቶ ማለት ቅቤ ማለት ይመስለዋል፤ ኪቶ የሚጠይቀው ካርቦሃይድሬት እንዲያንስ እንጂ ስቡ ከየት እንዲመጣ አይደለም።

ቡናውንም ልጠይቅህ፤ በወረቀት ታጣርተዋለህ?

---

ማለዳ_ሯጭ

አይ፣ በወንፊት ማሰሮ ነው የማፈላው። በቀን አራት ስኒ።

---

ባለመነጽሩ

እሱም ትንሽ ድርሻ አለው። በወረቀት ያልተጣራ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት ይለቃል፤ ኤልዲኤልን ይጨምራል። የወረቀት ማጣሪያ ያስቀረዋል። ዋናው እሱ አይደለም፤ ግን ያለ ምንም መሥዋዕት የሚስተካከል ስለሆነ አስተካክለው።

ከምግቡ በፊት ሌላ በሽታ አለመኖሩ ይታይ። የታይሮይድ ምርመራ፣ ቲኤስኤች፣ ይሠራ፤ የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ኤልዲኤል ይወጣል። የኩላሊትና የጉበት ምርመራም አብሮ። ኤልፒ-ኤ የሚባለው በዘር የሚወሰን ቅንጣት በሕይወት አንድ ጊዜ ቢለካ ይበቃል፤ ከ125 ናኖሞል በሊትር በላይ ከሆነ ነገሩን ሁሉ ያከብደዋል። ከቤተሰብህ ወንድ ከ55 ዓመት በፊት፣ ሴት ከ65 በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ያጋጠመው አለ? በዘር የሚወረሰው ከፍተኛ ኮሌስትሮል ከ250 ሰው በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ግን እሱ ከልጅነት ጀምሮ ከፍ ያለ ነው። አንተ ከኪቶ በፊት 112 ስለነበርክ ያ የመሆኑ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ያ አሮጌ ወረቀት የማይገኝለት ሰው ነው የሚቸገረው። ለዚህ ነው ኪቶ ለመጀመር ያሰበ ሁሉ ሳይጀምር ደሙን ይለካ የምለው።

---

ቅቤ_ወዳጅ

ግን በ2025 የወጣውን ጥናት እንዴት ታየዋለህ? መቶ ቀጭን ሰዎች፣ ኤልዲኤላቸው ሰማይ የነካ፣ አንድ ዓመት ተከታትለው የልብ ደም ስራቸውን በሲቲ አዩ። የኤልዲኤሉ መጠን በደም ስሩ ግድግዳ ላይ ከሚከማቸው ዝቃጭ መጨመር ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

---

ባለመነጽሩ

አንብቤዋለሁ። ግንኙነት አልተገኘም የሚለው እውነት ነው። ግን የሚያነጻጽሩበት ሌላ ቡድን አልነበረውም፤ ሁሉም ከፍ ባለ ኤልዲኤል ላይ ነበሩ። ሁሉም ረጃጅም በሆኑበት ክፍል ውስጥ ቁመት ለኳስ ጨዋታ አይጠቅምም ብሎ መደምደም ይቻላል። ከዚያ ይልቅ ልብ ያልኩት ለስላሳው ዝቃጭ በአብዛኞቹ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ መጨመሩን ነው። በሲቲ የተለካበት መንገድ ላይም ክርክሩ አላበቃም። እኔ ከዚያ ጥናት “ደህና ነው” የሚል መልስ አላወጣም፤ “ሁሉም ይታመማሉ” የሚልም አላወጣም።

---

ቅቤ_ወዳጅ

ትንሽ ወደ ጎን ሸሸህ። እኔ እስካሁን አላመንኩም፤ ስኳሩ፣ የደም ግፊቱ፣ እብጠቱ ሁሉ ጥሩ የሆነ ሰውና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እኩል 286 ቢኖራቸው እኩል አይደሉም።

---

ባለመነጽሩ

እኩል አይደሉም፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን ከሲጋራ አጫሹ የተሻለ መሆን በ112 ከነበረው ራሱ የተሻለ መሆን አይደለም። ኤልዲኤል 190 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀጠለ ሌላ የአደጋ ስሌት ሳይሠራ ሕክምና የሚታሰብበት ደረጃ ነው። 286 ከዚያ በጣም ያልፋል።

---

የላብራቶሪ_ሰው

በሌላ መለኪያ ለሚያነቡ፦ በሚሊሞል በሊትር የሚያወጣ ላብራቶሪ አለ። ኮሌስትሮልን በ38.7፣ ትራይግሊሰራይድን በ88.6 አካፍሉ። 190 ማለት 4.9 ነው፣ 286 ማለት 7.4። ሁለቱን መለኪያዎች ቀላቅሎ “7 ብቻ ነው” ብሎ የተጽናና ሰው አይቻለሁ።

---

ማለዳ_ሯጭ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። 12 ሰዓት ጾሜ፣ ሳልሮጥ፦ ጠቅላላ 374፣ ኤችዲኤል 91፣ ትራይግሊሰራይድ 60፣ ኤልዲኤል 271። አፖቢ 182። ኤልፒ-ኤ 22 ናኖሞል በሊትር። ታይሮይድ፣ ኩላሊት፣ ጉበት ደህና። በቤተሰብ ቀደም ብሎ በልብ የታመመ የለም።

---

የላብራቶሪ_ሰው

271 እና 286 ለኔ አንድ ናቸው፤ በመወዛወዙ ውስጥ ነው። መነሻህን 278 በል። አፖቢው ግን ነገሩን ይዘጋዋል፤ 130 እና ከዚያ በላይ ከፍ ያለ ይባላል፣ 182 ብዙ ቅንጣት ነው። “ትልልቅና ለስላሳ” የሚለው እዚህ አይሠራም።

---

ቁጥር_ቆጣሪ

እሺ፣ በዚህ እጄን ሰጠሁ። የልብ ደም ስር ካልሲየም ምርመራው ይሻላል ወይ? ዜሮ ከወጣ ይቀጥል።

---

ባለመነጽሩ

በ36 ዓመት ዜሮ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ካልሲየም ዝቃጩ ካረጀ በኋላ የሚመጣ ጠባሳ ነው፤ ከአምስት ወር ከፍታ በኋላ ዜሮ ማየት ገና ምንም አልነገረህም። ለ55 ዓመት ሰው ሌላ ነገር ነው። የሲቲ ደም ስር ምርመራውም ጨረርና በደም ስር የሚሰጥ ቀለም ስላለው ለክትትል በየዓመቱ የሚደረግ አይደለም።

ስለ ለውጡ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ነው፤ ቶሎ ይወርዳል፣ ግን የትኛው እንዳወረደው አታውቅም። ሌላው በተራ መለወጥ ነው። የትኛውን ትመርጣለህ? ዕድሜህ ወጣት ነው፣ ኤልፒ-ኤህ ዝቅተኛ ነው፤ ሁለት ሦስት ወር ለማየት ጊዜ አለህ። ለሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ስኳር ወይም የልብ ታሪክ ላለው፣ ይህን አልመክርም፤ እሱ ሐኪሙ ፊት ቀርቦ መድኃኒቱን አብሮ ያስብበት።

---

ማለዳ_ሯጭ

በተራ። ስቡን ከሆነ ካርቦሃይድሬቱን ሳልነካ መጀመር እፈልጋለሁ።

---

ባለመነጽሩ

ጥሩ። ቅቤው 60 ግራም በሙሉ ይውጣና 50 ግራም የወይራ ዘይት ይግባ፤ የሚረጋው ስብ ከ31 ወደ 7 ይወርዳል። የኮኮናት ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ተወው። ክሬሙን ተወውና አንድ አቮካዶና 40 ግራም አልሞንድ አስገባ። አይቡን ወደ 30 ግራም አውርድ። ከሥጋው ውስጥ በሳምንት ሦስቱን ቀን ስብ ያለው ዓሣ አድርገው። ቡናው በወረቀት ይጣራ። ካሎሪህን ግን ጠብቅ፤ ክብደትህ ከወረደ ልኬቱ ይበላሻል። ክብደት በሚቀንስበት ጊዜ ከስብ ሴሎቹ ኮሌስትሮል ስለሚለቀቅ ኤልዲኤል ለጊዜው ሊወጣ ይችላል።

ስድስት ሳምንት ጠብቀህ ለካ። ኤልዲኤል አዲሱን ደረጃ ለመያዝ ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል፤ ከዚያ ቀድመህ አትቸኩል።

---

ማለዳ_ሯጭ

ስድስት ሳምንት ሞላ። ክብደቴ 68 ነው፣ ካርቦሃይድሬቱ ያው 25። ጠቅላላ 322፣ ኤችዲኤል 88፣ ትራይግሊሰራይድ 65፣ ኤልዲኤል 221። አፖቢ 143።

---

የላብራቶሪ_ሰው

ከ278 ወደ 221፣ 20 በመቶ ነው። ዳር ላይ ነው፤ ግን አፖቢው ከ182 ወደ 143 ስለወረደና ሁለቱ አብረው ስለሄዱ እውነት ነው ብዬ አነበዋለሁ።

---

ጽጌ_እናት

ታዲያ ገና ብዙ ነው ልጄ። እኔ መሳሳቴን ባለመነጽሩ ካሳወቀኝ ወዲህ እየተከታተልኩ ነው። ያላወረደው ቀሪው ከየት ነው?

---

ባለመነጽሩ

እናታችን፣ ያ ቀሪው የመጀመሪያው መላምት የሚያወራው ክፍል ይመስለኛል፤ ጉበቱ የስኳር ስንቁን ያጣበት። ፈተናው ቀላል ነው፤ ካርቦሃይድሬት ጨምሮ ማየት። ኒኮላስ ኖርዊትዝ የተባለ ተመራማሪ በ2024 በራሱ ላይ ያደረገውን አሳትሟል፤ ለ16 ቀናት በየቀኑ 12 ብስኩት፣ 100 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ በላ፤ ኤልዲኤሉ ከ384 ወደ 111 ወረደ። በኋላ ሮሱቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት 20 ሚሊግራም ለስድስት ሳምንት ወስዶ ከ421 ወደ 284 ወረደ። አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከእሱ ለሁሉም ሕግ አይወጣም። ብስኩቱም ምክር አይደለም፤ ነጥቡ የስኳር ስንቁን መሙላት መሆኑን ለማሳየት ነው የመረጠው።

ማለዳ ሯጭ፣ ከምግብህ ሌላውን ሳትለውጥ በቀን ከ80 እስከ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት አድርስ፤ አጃ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ፍራፍሬ። የጨመርከውን ያህል ካሎሪ ከዘይቱ ቀንስ። ከኬቶሲስ ትወጣ ይሆናል፤ ለሚጥል በሽታ ብለው የያዙት ሰዎች ይህን ማድረግ የለባቸውም፤ አንተ ግን ለክብደትና ለሩጫ ነው የያዝከው። የመጀመሪያው ሳምንት ክብደትህ አንድ ኪሎ ከፍ ይላል፤ ግላይኮጅን ውሃ ይዞ ስለሚመጣ ነው፣ ስብ አይደለም።

---

ማለዳ_ሯጭ

አራት ሳምንት፣ ካርቦሃይድሬት በአማካይ 90 ግራም። ክብደት 69። ጠቅላላ 222፣ ኤችዲኤል 74፣ ትራይግሊሰራይድ 70፣ ኤልዲኤል 134። አፖቢ 94። አላመንኩም፤ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው።

---

ቅቤ_ወዳጅ

መውረዱን አልካድኩም። ግን ያን ያህል ካርቦሃይድሬት ከበላህ ኪቶ ላይ አይደለህም፤ ስለዚህ “ኪቶ ላይ ሆኖ አወረደው” ማለት አትችልም።

---

ማለዳ_ሯጭ

አልልም። ግን ከሦስት ወር በፊት የማላውቀውን አውቄያለሁ፤ ስቡ 57፣ ካርቦሃይድሬቱ 87 ነጥብ አወረዱ። አሁን የምጠይቀው፦ 90 ያህል መድረስ አለብኝ ወይስ 50 ይበቃል? ቅቤውስ ትንሽ ይመለሳል?

---

ባለመነጽሩ

እሱን ከአንተ በቀር የሚመልስልህ የለም። ያ 57 እና 87 የሚለው ክፍፍል ቅደም ተከተሉን ብትገለብጠው ሌላ ሊመጣ ይችላል፤ አደራ እንደ ቋሚ ቁጥር አትያዘው። ካርቦሃይድሬቱን ወደ 50 አውርደህ ስድስት ሳምንት ጠብቀህ ከአፖቢ ጋር ለካ። በዚያ ጊዜ ቅቤውን አትመልስ፤ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ኤልዲኤሉ እንደገና ከ190 በላይ ከሄደ ወደ 90 ተመለስ። ኪቶውን ላትተው ከወሰንክ ግን ስለ ስታቲን ወይም ስለ ኢዜቲማይብ ከሐኪም ጋር የምትነጋገርበት ጊዜ ያኔ ነው። ከ130 በታች ከጸና በዓመት ሁለት ጊዜ መለካት ይበቃሃል።

---

የላብራቶሪ_ሰው

ለዚያ ምርመራ፦ 12 ሰዓት ጾም፣ ጠዋት ሳትሮጥ፣ ያው ላብራቶሪ። ጉንፋን ከያዘህ አራት ሳምንት አዘግየው፤ ሕመም ኤልዲኤልን ዝቅ ያደርገዋልና ያላግባብ ደስ ይልሃል።